የመጀመሪያው ትኩሳት ሲበርድ አንጎል ውስጥ ምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር በተዋወቅንበት ሰሞን እንቅልፍም የምግብ ፍላጎትም ጠፍቶብኝ ነበር፤ ስልኬ በጠራ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር። ከተጋባን አምስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ዛሬ ወደ ቤት ሲገባ ደስ ይለኛል፤ ሲሄድ ቤቱ ይጎድልብኛል፤ ያ ድንጋጤ ግን የለም። በቅርቡ ወደ መሥሪያ ቤታችን የመጣ አንድ ባልደረባ ሲያናግረኝ ያው የድሮው ስሜት ተቀሰቀሰብኝ፤ አሁን መልእክቱን መጠባበቅ ጀምሬአለሁ። በመካከላችን የተደረገ ነገር የለም። የፍቅር ኬሚካል ከሁለት ዓመት በኋላ እንደሚያልቅ አንብቤአለሁ። የእኔ አልቆ ይሆን? ኦክሲቶሲን የሚባለው በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒትስ ሊመልሰው ይችላል?» — ስሜ እንዲገለጽ የማልፈልግ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

አስቀድሜ በቀጥታ ልመልስልዎትና ምክንያቱን ከዚያ ላስረዳ። በደብዳቤዎ ውስጥ ፍቅርዎ ማለቁን የሚያሳይ ምልክት አላገኘሁም። የጻፉት ነገር የሚነግረኝ አንጎል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን እንደሚሠራ ነው፤ አንደኛው አዲስ ሰው ላይ ሐሳባችንን ሰብስቦ እንድንከተለው የሚገፋን ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከአንድ ከምናውቀው ሰው ጋር አስተሳስሮ የሚያቆየን ሥራ ነው። ሁለቱ በከፊል በአንድ የአንጎል ክፍልና በአንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ስለሚጠቀሙ ብዙ ሰው ሁለተኛውን የመጀመሪያው ቅሪት አድርጎ ይቆጥረዋል። ጥናቶቹን በጥሞና ለተመለከተ ሰው ግን ሁለተኛው የራሱ አሠራር ያለው ነገር ሆኖ ይታያል።

በመጀመሪያ ያነበቡት የሁለት ዓመት ነገር ከምን ዓይነት ጥናት እንደሚነሣ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1999 በጣሊያን የፒሳ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪም የሆኑት ዶናቴላ ማራዚቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር በቅርቡ ፍቅር የያዛቸውን 20 ሰዎች አጠኑ። ለመመረጥ ፍቅሩ ከያዛቸው ስድስት ወር ያላለፈ መሆን ነበረበት፤ በቀንም ቢያንስ አራት ሰዓት ያህል ስለሚያፈቅሩት ሰው የሚያስቡ መሆን ነበረባቸው። ከእነርሱ ጎን ለጎን አንድን ሐሳብ ወይም ድርጊት ሳይፈልጉ ደጋግሞ በሚያስቸግራቸው ሕመም የተያዙ 20 ሰዎችና ሌሎች 20 ጤነኞች ነበሩ። ከሕያው ሰው አንጎል ናሙና መውሰድ ስለማይቻል ተመራማሪዎቹ ደም ወሰዱ፤ በደም ውስጥ ፕላትሌት በተባሉት ጥቃቅን አካላት ላይ ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያጓጉዘው ፕሮቲን ምን ያህል እንደሆነ ለኩ። በፍቅር የተያዙትም በሕመሙ የተያዙትም ከጤነኞቹ ያነሰ ነበራቸው። ፍቅር ከያዛቸው መካከል ጥቂቶቹ ከ12 እስከ 18 ወር ቆይተው እንደገና ሲመረመሩ፣ ግንኙነታቸው ሳይቋረጥ መጠኑ ወደ ነበረበት ተመልሶ ተገኘ።

እዚህ ላይ ምን እንደጠፋ ልብ ይበሉ። የጠፋው አንድን ሰው በቀን አራት ሰዓት ያለ ማቋረጥ የማሰብ ግዴታ ነው፤ ማለትም እርስዎን እንቅልፍ የነሳዎትና የምግብ ፍላጎትዎን የወሰደው ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች ማፍቀራቸውን አላቆሙም። ይኸው የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ሌላ ጥናት በአዲስ ፍቅር ውስጥ ያሉ ሰዎች ኮርቲሶል የተባለው የውጥረት ሆርሞን ከሌሎች ከፍ ብሎባቸው እንደነበር፣ ከ12 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ውስጥም ልዩነቱ እንደጠፋ አሳይቷል። ስለዚህ «የፍቅር ኬሚካል በሁለት ዓመት ያልቃል» የሚለው አባባል ከተመሠረተበት ነገር በጣም የራቀ ነው። በእኔ አስተያየት ይህን ያህል ጥቂት ሰው ላይ የተደረገና አንጎልን በቀጥታ ያልለካ ጥናት ለማንም ትዳር የማብቂያ ቀን ሊቆርጥለት አይገባም።

አሁን ወደ ባልደረባዎ ልምጣ፤ የደብዳቤዎ እውነተኛ ጭንቀት እዚያ ላይ ያለ ይመስለኛልና። እ.ኤ.አ. በ2005 አርተር አሮን፣ ሄለን ፊሸር፣ ሉሲ ብራውንና ባልደረቦቻቸው በጽኑ ፍቅር የተያዙ 17 ሰዎችን በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው የሚያፈቅሩትን ሰው ፎቶግራፍና የሌላ የሚያውቁትን ሰው ፎቶግራፍ እያፈራረቁ አሳይዋቸው። በሁለቱ ፎቶግራፎች መካከል ስሜቱ እንዲረግብ ከአንድ ትልቅ ቁጥር እየቀነሱ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ይጠየቁ ነበር። የሚያፈቅሩትን ሲያዩ በተለይ የተነቃቃው በአንጎል ሥር መሐል ላይ የሚገኘውና ቬንትራል ቴግሜንታል የሚባለው ትንሽ ክፍል ነበር፤ ይህ ክፍል ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር አመንጭተው ወደ ሌሎች የአንጎል ክፍሎች የሚልኩ የነርቭ ህዋሳት የሚገኙበት ነው። ተመራማሪዎቹም የመጀመሪያው የፍቅር ወቅት ከስሜትነቱ ይልቅ የመፈለግና የመከተል ግፊትነቱ እንደሚያመዝን ደመደሙ።

ዶፓሚን በብዙዎች ዘንድ «የደስታ ኬሚካል» ይባላል። ይህ ስያሜ ያሳስታል፤ ለእርስዎ ጉዳይም ወሳኝ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ዎልፍራም ሹልትዝ የተባሉት ተመራማሪ ዝንጀሮዎች የፍራፍሬ ጭማቂ ሲሰጣቸው ዶፓሚን አመንጪ ህዋሳታቸው እንዴት እንደሚሠሩ ለዓመታት መዝግበዋል። ጭማቂው ሳይታሰብ ሲመጣ ህዋሳቱ በኃይል ይሠራሉ። ከጭማቂው በፊት ሁልጊዜ አንድ ምልክት እንዲቀድም ከተደረገና ዝንጀሮው ይህን ከለመደ በኋላ ግን ህዋሳቱ በምልክቱ ጊዜ ይነቃቁና ጭማቂው ራሱ ሲደርስ ዝም ይላሉ፤ የተጠበቀው ጭማቂ ከቀረ ደግሞ ሥራቸው ከወትሮው ዝቅ ይላል። ጭማቂው ጣዕሙን አላጣም፤ ዝንጀሮውም አልጠላውም። ህዋሳቱ የሚያስተላልፉት መልእክት «ከጠበቅኸው የተለየ ነገር ሆኗል» የሚል ነው፤ የተጠበቀው በተጠበቀው ሰዓት ሲመጣ የሚተላለፍ አዲስ ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሹልትዝ ከክሪስቶፈር ፊዮሪሎና ከፊሊፕ ቶብለር ጋር አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። አንዳንዶቹ ምልክቶች ጭማቂ በእርግጥ እንደሚመጣ፣ አንዳንዶቹ በፍጹም እንደማይመጣ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሊመጣም ላይመጣም እንደሚችል የሚያመለክቱ ነበሩ። ከምልክቱ እስከ ውጤቱ ባለው የጥበቃ ጊዜ ውስጥ የዶፓሚን ህዋሳቱ ሥራ ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄደው እርግጠኛ ባልሆነው ጊዜ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የበረታውም የመምጣትና ያለመምጣት ዕድሉ እኩል ለእኩል ሲሆን ነው።

ይህ የዝንጀሮ ጥናት ነው፤ ወደ እርስዎ ቢሮ የማመጣውም በራሴ ግምት እንጂ ማንም እዚያ ለክቶት አይደለም። ሆኖም የጻፉትን እንዳለ ይመልከቱት። የባልደረባዎ መልእክት ሊመጣም ላይመጣም ይችላል፤ ሲመጣም ምን ትርጉም እንዳለው አያውቁም፤ እርሱ ስለ እርስዎ ምን እንደሚያስብ አያውቁም፤ ስለ ልማዱ፣ ስለ ቁጣው፣ ሲታመም ወይም ገንዘብ ሲቸግረው ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን የሚያውቁት ነገር የለም። የባለቤትዎን መግቢያ ሰዓት ግን ያውቃሉ፤ ድምፁን ሲሰሙ ምን እንደሚፈልግ ይገባዎታል። በባልደረባዎ ፊት ልብዎን የሚያስደነግጠው በአመዛኙ ይህ ያለማወቅ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ድንጋጤው እውነተኛ ነው፤ የሚለካው ግን የሰውዬውን ዋጋ ወይም ለእርስዎ መስማማቱን አይደለም። በተዋወቃችሁበት ሰሞን ባለቤትዎም ለእርስዎ እንዲሁ የማይታወቁ ሰው ነበሩ።

ታዲያ ያለማወቁ ሲያበቃ ምን ይቀራል? እዚህ ላይ ስለ ትስስር ከሁሉ የበለጠ ያስተማረን እንስሳ ፕሬሪ ቮል የተባለችው የሰሜን አሜሪካ አነስተኛ የሜዳ አይጥ ናት። ከአጥቢ እንስሳት መካከል ወንድና ሴት ተጣምረው የሚኖሩት ከመቶ ጥቂቶቹ ብቻ ሲሆኑ ይህች አይጥ ከእነርሱ አንዷ ናት፤ የቅርብ ዘመዷ የሆነችው የተራራ ቮል ደግሞ ለብቻዋ መኖር ትመርጣለች። ሱ ካርተር፣ ቶማስ ኢንሰል፣ ላሪ ያንግ፣ ዙኦሺን ዋንግና ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለቱን እያነጻጸሩ ለአሥርት ዓመታት ሠርተዋል።

ሙከራው ቀላል ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ለአንድ ቀን ያህል አብረው ይቆያሉ፤ በዚህም ጊዜ ይገናኛሉ። ከዚያ ከሁለቱ አንዱ ሦስት ክፍል ባለው ሣጥን ውስጥ በነጻነት እንዲንቀሳቀስ ይለቀቃል፤ በአንደኛው ክፍል ጓደኛው፣ በሌላኛው የማያውቀው እንስሳ ታስረው ይቀመጣሉ፤ መካከለኛው ባዶ ነው። ለሦስት ሰዓት ያህል ከማን ጋር ተጠግቶ እንደሚቀመጥ ይቆጠራል። ፕሬሪ ቮሎች አብዛኛውን ጊዜ ከጓደኛቸው ጎን ተለጥፈው ያሳልፋሉ። ኒውክሊየስ አኩምበንስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ዶፓሚን ሥራውን እንዳይሠራ ቢታገድ፣ ወይም በሴቶቹ ላይ አንጎል ራሱ የሚያመርተው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ሥራውን እንዳይሠራ ቢደረግ ይህ ምርጫ ሳይፈጠር ይቀራል። በወንዶቹ በኩል ደግሞ ቫሶፕሬሲን የተባለው የኦክሲቶሲን ዘመድ ትልቅ ድርሻ አለው። ለማለት የሚቻለው ይህ ነው፤ በዚያ የመጀመሪያ ቀን ዶፓሚን «ይህ ነገር ዋጋ አለው» ሲል ኦክሲቶሲንና ቫሶፕሬሲን «ይህ ነገር እርሱ ነው፤ ሽታው ይህ ነው» በማለት ዋጋውን ከአንድ ከተለየ ግለሰብ ጋር ያያይዙታል።

ለእርስዎ ጥያቄ ዋናው ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ብራንደን አራጎናና ዋንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሁለት ሳምንት ያህል ከሴት ጋር የኖሩትን ወንዶች አንጎል ሲመረምሩ፣ ዶፓሚንን ከሚቀበሉት ሁለት ዋና ዋና የተቀባይ ዓይነቶች አንደኛው፣ ትስስር ሲጀመር የሚያግዘው ያልሆነው ማለቴ ነው፣ ቁጥሩ ጨምሮ አገኙት። ይህ ለውጥ ሌላ አዲስ ትስስር እንዳይፈጠር ያግዛል፤ እንዲህ ያለው ወንድ የማያውቃት ሴት ስትቀርበው ያባርራታል፤ ያ ተቀባይ በመድኃኒት ሲታገድ ግን ማባረሩን ይተዋል። የመጀመሪያውን ግፊት ያመጣው ያው ዶፓሚን፣ አንጎሉ ተለውጦ ስለጠበቀው፣ በዚህ ደረጃ የሚሠራው ትስስሩን ለመጠበቅ ነው ማለት ነው። ይህ የሚሠራ ነገር ነው፤ ከውጭ ሲታይ ግን ጸጥታ ይመስላል።

ትስስሩ ጎልቶ የሚታየው በመለያየት ጊዜ ነው። ኦሊቨር ቦሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ ከሴት ጓደኞቻቸው የተለዩ ወንድ ቮሎች ውኃ ውስጥ ሲገቡ ለመውጣት ከመታገል ይልቅ ተስፋ እንደቆረጠ ፍጡር ዝም ብለው ይንሳፈፉ ነበር፤ ከወንድሞቻቸው የተለዩት ግን እንዲህ አልሆኑም። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግኝት ግን ሌላ ነው። የውጥረትን ሥርዓት የሚያስነሣው ሲአርኤፍ የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎላቸው ለመመረት መዘጋጀቱ ያልተለዩትም ጥንዶች ላይ ጨምሮ ነበር፤ ጭንቀቱ የተነሣው ግን ሲለያዩ ብቻ ነው። አብረው ሳሉ ምንም አይሰማም፤ ናፍቆቱ ግን ከወዲሁ ተሰንቆ ተቀምጧል።

ደብዳቤዎ ላይ «ሲሄድ ቤቱ ይጎድልብኛል» ያሉትን ያነበብኩት በዚህ ዓይን ነው። እርስዎ ድንጋጤውን ፈልገው አጡት፤ በትስስር ጥናት ውስጥ ግን ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ሌላውን ነው፤ ሲርቅ ይጎድላል ወይ? ሲመለስ እፎይታ ይሰማል ወይ? ከሌላ ሰው ይልቅ እርሱ ሲጠጋ ሰውነት ይረጋጋል ወይ? ከሦስቱ ለሁለቱ ሳልጠይቅዎት መልስ ሰጥተውኛል።

ሦስተኛውን በተመለከተ በሰዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ጄምስ ኮን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ሥራ 16 ባለትዳር ሴቶች በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ምልክት ያያሉ፤ አንድ ጊዜ የባላቸውን እጅ፣ አንድ ጊዜ የማያውቁትን ሰው እጅ ይዘው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የማንንም ሳይዙ። የባል እጅ ሲያዝ ለአደጋ የሚዘጋጁት የአንጎል ክፍሎች ሥራ በሰፊው ቀነሰ፤ የማያውቁት ሰው እጅ የሚያመጣው ለውጥ ከዚያ ያነሰ ነበር። በትዳሯ ይበልጥ ደስተኛ የሆነች ሴት ደግሞ ይበልጥ ተረጋጋች። እንግዲህ የረጅም ጊዜ ፍቅር ሥራው ልብን ማስደንገጥ ብቻ ሳይሆን ልብን ማሳረፍም ከሆነ፣ ስላልደነገጠ ሊከሰስ አይገባም።

ይህን ስል የመጀመሪያው ስሜት በጠቅላላ የግድ ይሞታል ማለቴ አይደለም። ቢያንካ አሴቬዶ ከአሮን፣ ከፊሸርና ከብራውን ጋር በአማካይ 21 ዓመት ያህል በትዳር የኖሩና አሁንም አጥብቀው እንደሚያፈቅሩ የተናገሩ 17 ሰዎችን እንደዚያው በፎቶግራፍ መረመረች። ያው ዶፓሚን አመንጪ ክፍል በእነርሱም ላይ ተነቃቅቶ ተገኘ፤ ከዚያ በተጨማሪም እናት ልጇን ስታይ ከሚነቃቁት ጋር የሚመሳሰሉ፣ ከትስስርና ከመረጋጋት ጋር የተያያዙ ክፍሎች ተነቃቅተው ነበር። በቃለ መጠይቃቸውም ያ በአዲስ ፍቅር ያለው የመጨነቅ ነገር አልነበረባቸውም። እነዚህ ሰዎች ግን በዚህ ስሜት የሚታወቁ ሆነው የተመረጡ ናቸው፤ ስለዚህ ጥናቱ ይህ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል እንጂ ከእነርሱ የተለየ ትዳር ጎዶሎ ነው አይልም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልሸሽግ ልንገርዎት። ፕሬሪ ቮሎችም ቢሆኑ ከጓደኛቸው ጋር ጎጆ ይዘው እየኖሩ አንዳንዴ ከሌላ ጋር እንደሚገናኙ በዘረ መል ምርመራ ታውቋል። ትስስር በሌላ ሰው ከመሳብ ሙሉ በሙሉ የሚከላከል ክትባት አይደለም። ለባልደረባዎ የተሰማዎት ስሜት ባለቤትዎን እንደማይወዱ አያረጋግጥም፤ ባለቤትዎን መውደድዎም ስሜቱ በራሱ ጊዜ እንዲጠፋ ዋስትና አይሆንም። ምን እንደሚያደርጉ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ ሰው ደግሞ ቮል አይደለም፤ ቃል የሚገባና የነገውን የሚያስብ ፍጡር ነው። ኬሚስትሪው የሚነግረን ስሜቱ የሚመገበው በምን እንደሆነ ነው፤ የሚመገበውም በጥበቃና ባለመታወቅ ነው። ስለዚህ ከባልደረባዎ ጋር ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚደረገውን የመልእክት ልውውጥ ያቁሙ፤ የሥራ ጉዳይ ካለ ሌሎችም ባሉበት በግልጽ ይነጋገሩ። ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን ማለት ግን ምላሹ አንዳንዴ የሚመጣ አንዳንዴ የሚቀር ያደርገዋል፤ ከላይ እንዳየነው ጥበቃን አብዝቶ የሚያበረታው ይኸው ነው። በአንድ ጊዜ ግልጽ የሆነ ወሰን ማበጀት ይሻላል።

በአፍንጫ ስለሚነፋው ኦክሲቶሲን መልሴ አጭር ነው፤ አይጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቢያቴ ዲትዘንና ባልደረቦቿ 47 ጥንዶች ኦክሲቶሲን ወይም ባዶ ፈሳሽ ወስደው በሚያጣላቸው ጉዳይ ላይ እንዲነጋገሩ አድርገው፣ ኦክሲቶሲን የወሰዱት አነጋገራቸው ለስለስ ያለ፣ ኮርቲሶላቸውም ዝቅ ያለ ሆኖ እንዳገኙት እውነት ነው። ይህ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የታየ ለውጥ ነው፤ በትዳር ውስጥ የደበዘዘ ስሜትን መልሶ እንደሚያመጣ ያሳየ የለም። በአፍንጫ ከሚነፋው ውስጥ ወደ አንጎል የሚደርሰውም በጣም ጥቂት ነው። በሌላ በኩል ካረን ቤልስና ባልደረቦቿ ገና ያልጎለመሱ ወንድ ፕሬሪ ቮሎችን ለሳምንታት ኦክሲቶሲን ቢሰጧቸው፣ አድገው ጓደኛ የመምረጥ ችሎታቸው ተሻሽሎ ሳይሆን ተዳክሞ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ዴቫናንድ ማኖሊና ባልደረቦቹ የኦክሲቶሲን ተቀባይን የሚያስገኘው ዘረ መል ከናካቴው የጠፋባቸው ቮሎች ያለ ችግር እንደሚጣመሩ አሳዩ። ይህ ግኝት ለዓመታት የታመነውን ያናጋ ነበር፤ ትስስር በብዙ መንገድ የሚሠራ በመሆኑ «የፍቅር ሆርሞን» ተብሎ በብልቃጥ ሊሸጥ የሚችል አንድ ነገር የለም።

ከብልቃጡ ይልቅ በሰዎች ላይ የተሞከረ ሌላ ነገር ልጠቁምዎት። እ.ኤ.አ. በ1993 ሻርሎት ራይስማን፣ አሮንና ባልደረባቸው ባለትዳሮችን ለአሥር ሳምንታት ከፋፍለው ነበር፤ አንዱ ክፍል በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ለሁለቱም አዲስና የሚያነቃቃ ነገር በጋራ እንዲያደርግ፣ ሌላው ክፍል ደስ የሚል ግን የተለመደ ነገር እንዲያደርግ፣ ሦስተኛው ምንም እንዳይጨምር ተደረገ። በመጨረሻ በትዳራቸው እርካታ ከፍ ብለው የተገኙት አዲስ ነገር ያደረጉት ነበሩ፤ የተለመደውን ደስታ ያደረጉት ምንም ካልጨመሩት ብዙም አልተለዩም። አንጎላቸው ስላልተለካ ምክንያቱ ዶፓሚን ነው ብዬ አልምልም፤ ውጤቱ ግን ከላይ ካየነው ጋር ይገጥማል። ያልተጠበቀ ነገር ከባለቤትዎ ጋር አብሮ ሲገጥምዎት፣ አንጎልዎ ያን መነቃቃት ከእርሳቸው ጋር ሊያያይዘው ይችላል። ስለዚህ ሁለታችሁም የማትችሉትን፣ ሁለታችሁም የምትሳሳቱበትን ነገር ምረጡ፤ አንዳችሁ አስተማሪ ሌላችሁ ተማሪ የምትሆኑበት ከሆነ አዲስነቱ ለአንደኛው ብቻ ይሆናል። በሳምንት አንድ ጊዜ በቂ ነው፤ አሥሩን ሳምንት ሳይሞሉ አይፍረዱበት። የቀድሞው ድንጋጤ ተመልሶ እንዲመጣ ግን አይጠብቁ፤ የሚታየው ለውጥ ምናልባት ባለቤትዎን ደግሞ የማየትና ስለእርሳቸው የመጠየቅ ፍላጎት ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም ይህን ሁሉ የጻፍኩት የነገሩኝን እርጋታ እርጋታ ነው ብዬ ተቀብዬ ነው። ባለቤትዎ ሲወጡ የሚሰማዎት እፎይታ ቢሆን፣ ሲገቡ ሰውነትዎ የሚኮማተር ቢሆን፣ ወይም ቃላትዎን በፍርሃት የሚመርጡ ቢሆን መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ ያ የበረደ ፍቅር ሳይሆን አደጋን የሚጠብቅ ሰውነት ነው፤ አዲስ ነገር አብሮ በመሥራትም አይፈታም። እንዲሁም ደስታ የጠፋብዎት ከባለቤትዎ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሥራዎ፣ ከወዳጆችዎና ከምትወዷቸው ነገሮች ሁሉ ከሆነ፣ ይህ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ያማክሩ። በሴሮቶኒን ላይ የሚሠሩ የድባቴ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ከሆነም መድኃኒቶቹ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ስሜትንና የግንኙነት ፍላጎትን እንደሚያደበዝዙ የታወቀ ነው፤ በራስዎ አያቋርጧቸው፣ ነገር ግን ይህንኑ ለሐኪምዎ ሳያፍሩ ይንገሩ፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን መለወጥ ይቻላል።